የመስኮቱ ዕይታ ለምን ነጭ ሆኖ ይቀራል?

«ጋሼ፣ ለኪራይ የሚወጡ አፓርታማዎችን ፎቶ አነሳለሁ። አሁን ያስቸገረኝ ቦሌ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሳሎን ነው። በመስኮቱ እንጦጦ ጥርት ብሎ ይታያል። ባለቤቷ ‹ዕይታው ካልታየ ምን ዋጋ አለው› ብላኛለች። በትራይፖድ 3 ፎቶ አነሳሁ፦ -2፣ 0፣ +2። ላይትሩም ላይ በኤችዲአር ሳዋህዳቸው መስኮቱ ነጭ ነው። Highlights ሳወርድ ግራጫ ይሆናል፣ ዙሪያውንም ነጭ ጭጋግ ይከበዋል። በማስክ ስሞክር ደግሞ ተራራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር መሰለ። Deghost ወደ High ላድርገው? ካሜራዬ በአንዴ ከ3 በላይ አያነሳም። ምን እያጠፋሁ ነው?»

Deghostን ለጊዜው እርሳው። ችግሩ የተፈጠረው ፎቶው ኮምፒውተር ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ከሦስቱ ፎቶዎች በጣም የጨለመውን ለብቻው ክፈትና መስኮቱን አጉላው። እዚያም ነጭ ከሆነ እንጦጦ በአንዱም ፋይልህ ውስጥ የለም ማለት ነው። ማዋሃድ ከእያንዳንዱ ፎቶ በደንብ የወጣውን ክፍል መውሰድ ነው። የትም ያልተቀዳ ነገር አይፈጥርም። ላይትሩም Develop ውስጥ ሆነህ J የሚለውን ቁልፍ ብትጫን፣ ዝርዝሩ የጠፋ ብርሃን ቀይ ቀለም ይለብሳል። በጨለማው ፎቶ ላይ መስታወቱ ቀይ ከሆነ የትኛውም ስላይደር አያድነውም። Highlights ስታወርድ ግራጫ የወጣብህም ለዚህ ነው። ነጩን አጠቆርከው እንጂ ከሥሩ የሚወጣ ተራራ የለም።

ቁጥሩን እንየው። መብራቱ የጠፋ፣ አንድ ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን በ f/8 እና በአይኤስኦ 100 ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል እንበል። ፀሐይ ያረፈበት ተራራ በዚያው አፐርቸርና በዚያው አይኤስኦ 1/250 ይበቃዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 125 እጥፍ ነው። አንድ ስቶፕ ማለት እጥፍ ብርሃን ስለሆነ፣ ይሄ ወደ 7 ስቶፕ ይጠጋል። አንተ የወረድከው 2 ስቶፕ ብቻ ነው። የጨለመው ፎቶህ 1/8 ላይ ቆሟል። ተራራው ጋ ለመድረስ ገና 5 ስቶፕ ይቀርህ ነበር። ሮው ፋይል ከነጭ የሚመልስልህ አንድ ስቶፕ፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። አምስት ስቶፕ አይመልስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር አብሬ ላንሳ። አንድ ሮው ፋይል ወስዶ፣ ሦስት ኮፒ አድርጎ፣ አንዱን አጨልሞ ሌላውን አብርቶ እንደገና ማዋሃድ ኤችዲአር አይደለም። የሦስቱም መረጃ አንድ ነው። እንዲያው ልፋት ነው።

ካሜራህ ሦስት ብቻ ማንሳቱ አያስጨንቅህ። ሁለት ጊዜ ታነሳለህ። ካሜራውን M ላይ አድርግ፣ አፐርቸሩን f/8፣ አይኤስኦውን 100 ላይ አስቀምጥ። ሹተሩን ግማሽ ሰከንድ አድርገህ በ±2 ስቶፕ ሦስቱን አንሳ። 2 ሰከንድ፣ ግማሽ ሰከንድ እና 1/8 ታገኛለህ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትነካ ሹተሩን ወደ 1/125 አምጣና እንደገና ሦስት አንሳ። አሁን 1/30፣ 1/125 እና 1/500 ተጨመሩልህ። ስድስቱ በ2 ስቶፕ እየተራራቁ ከሶፋው ሥር ካለው ጥላ እስከ ደመናው ጫፍ ይደርሳሉ። ቁጥሮቹን እንዳለ አትቅዳ። የአንተ ሳሎን ጨለም ያለ ወይም ነጣ ያለ ሊሆን ይችላል። የምትፈልገው ምልክት አንድ ነው። በመጨረሻው፣ በጣም በጨለመው ፎቶ ላይ የካሜራው ሂስቶግራም ከቀኝ ጠርዝ መላቀቅ አለበት። ካልተላቀቀ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሳ።

በሁለቱ ዙሮች መካከል መለወጥ ያለበት ሹተሩ ብቻ ነው። አፐርቸር ከተለወጠ የጥራቱ ጥልቀት ይለወጣል፣ ጠርዞቹም አይገጥሙም። ፎከሱን አንዴ አስተካክለህ ወደ ማንዋል መልሰው። ዋይት ባላንስን ከአውቶ አውጣ። የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም፣ ጣትህ ካሜራውን እንዳያንቀሳቅሰው። የሌንሱን የመንቀጥቀጥ መከላከያም ትራይፖድ ላይ አጥፋው። አንዳንዱ ሌንስ ዝም ብሎ በቆመ ካሜራ ላይ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

መብራቶቹን አጥፋ። ደንበኞች ይሄን አይወዱም፣ «መብራቱ ይብራ፣ ቤቱ ይድመቅ» ይላሉ። እኔ ግን መስኮት ያለበት ፎቶ ላይ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው ምክንያት ቀለም ነው። አምፖሉ ቢጫ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ነው። ግድግዳውን ነጭ ስታደርግ ተራራው ሰማያዊ ይሆናል፣ ተራራውን ስታስተካክል ግድግዳው ቅቤ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ የኤሌክትሪኩ ነው። የእኛ አገር መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚመጣ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም። የ2 ሰከንዱ ፎቶም አማካዩን ይወስዳል። 1/500 ግን የርግብግቡን ቁራጭ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ አግድም ጥላ ሊሰለፍበት ይችላል። ስታዋህደው ከየት መጣ የማይባል ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል።

ሰዓቱም ይረዳሃል። እንጦጦ የሚታየው ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ በዚያ መስኮት ቀጥታ ጨረር ወደ ቤት አይገባም፣ ተራራው ግን ፊት ለፊት ይበራል። ከዚህ የተሻለ አይገኝም። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ቢሆን ደግሞ ጠዋት ና እልህ ነበር።

ወደ ማዋሃዱ እንሂድ። ስድስቱን መርጠህ Photo፣ ከዚያ Photo Merge፣ ከዚያ HDR ትላለህ። በአጭሩ Ctrl+H ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ካልተነቃነቀ Auto Align የሚለውን ምልክት አንሳው። ሲያገጣጥም ምስሉን በትንሹ ሊያንሸራትትና ጠርዙን ሊቆርጥ ይችላል። በኋላ ሌላ ሌየር ከላዩ ስታስቀምጥ አይገጥምልህም። Deghost None ላይ ይሁን።

ለምን High አይሆንም? Deghost ሥራው አንድ ነው። ከፎቶ ፎቶ የተንቀሳቀሰ ነገር ካየ፣ እዚያ ቦታ ላይ ማዋሃዱን ትቶ ከአንድ ፎቶ ብቻ ይወስዳል። ያ ፎቶ የትኛው እንደሆነ የሚመርጠው ራሱ ነው። ነፋስ የነካው መጋረጃ መስኮቱ አጠገብ ካለ፣ የመስኮቱን ግማሽ እንደተንቀሳቀሰ ቆጥሮ ከነጣው ፎቶ ሊወስድልህ ይችላል። ወይም ከጨለማው ወስዶ መጋረጃው ላይ ነጠብጣብ ይዘራበታል። Show Deghost Overlay ብትለው የትኛውን ቦታ እንደነካ ያሳይሃል። መድኃኒቱ ግን ከዚያ ይቀላል፦ መስኮቱን ዝጋ፣ መጋረጃውን ሰብስበህ እሰር፣ ማራገቢያ ካለ አጥፋ። Deghost የሚጠቅመው መቆጣጠር የማትችለው ነገር ሲኖር ነው። እሱም Low ይበቃል።

የሚወጣው ፋይል ዲኤንጂ ነው። መጀመሪያ ስታየው መስኮቱ አሁንም ነጭ ሊመስል ይችላል። አትደንግጥ። ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ነው ያልታየው። ማረጋገጥ ከፈለግህ Exposureን ወደ ታች ጎትተው። በተዋሃደ ፋይል ላይ ስላይደሩ እስከ -10 ይወርዳል፣ በተራ ሮው ላይ ግን እስከ -5 ብቻ ነው። ስትጎትተው ቤቱ ይጨልማል፣ እንጦጦም ብቅ ይላል። ብቅ ካላለ ተመልሰህ ፎቶ ማንሳት አለብህ።

አሁን ስለ ነጩ ጭጋግ። ሁለት ዓይነት ነው፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል። አንዱ ከሌንስ የሚመጣ ነው። ረጅም ኤክስፖዠር ላይ የመስኮቱ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ተበትኖ በዙሪያው ይፈሳል። የጣት አሻራ ያለበት ሌንስ ሲሆን ይብሳል። ሌላው የሶፍትዌሩ ነው። Highlights እና Shadows ስላይደሮች እያንዳንዱን ነጥብ የሚያስተካክሉት ዙሪያውን አይተው ነው። በጣም ከነጣ መስታወት ቀጥሎ ጥቁር ፍሬም ሲመጣባቸው ድንበሩን በትክክል አይለዩትም፣ የአንዱ እርማት ወደ ሌላው ይፈሳል። ለመለየት የ2 ሰከንዱን ፎቶ ምንም ሳታስተካክል ለብቻው እየው። ጭጋጉ እዚያም ካለ የሌንስ ነው። ሌንሱን ጥረግ፣ ያንን ፎቶ ከማዋሃዱ አውጣና በአምስቱ ብቻ አዋህድ። ጥላው ትንሽ ይጎረብጣል እንጂ አይጎዳም። እዚያ ከሌለ ግን Highlightsን -100፣ Shadowsን +100 አድርገሃል ማለት ነው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል። Highlights -50 አካባቢ፣ Shadows +40 አካባቢ ላይ ተው። የቀረውን ማስኩ ይጨርሰው።

ማስኩን መጀመሪያ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ሥራው። Masking ከፍተህ በ Brush መስታወቱን በሙሉ ቀባው። ፍሬሙን አልፈህ ግድግዳው ላይ ትንሽ ብትፈስ አትጨነቅ። ከዚያ ማስኩ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ተጫን፣ Intersect Mask With ምረጥ፣ ከውስጡ Luminance Range በል። ይሄ ከቀባኸው ውስጥ ብሩህ የሆነውን ብቻ ያስቀርልሃል። ጥቁር የሆነው የመስኮት ብረት ይወጣል፣ መስታወቱ ይቀራል። የብሩህነቱን ወሰን ግራ ጫፍ ይዘህ፣ ማስኩ ብረቱን እስኪለቅ ድረስ ወደ ቀኝ ጎትተው። የቀይ ሽፋኑ እያለ አድርገው፣ ብረቱ ከቀይ ሲወጣ ታየዋለህ። አሁን የማስኩን Exposure ቀንስ። ልዩነቱ 7 ስቶፕ በሆነበት ቤት -3 አካባቢ ድረስ ልትሄድ ትችላለህ። እንጦጦ ብዙ ጊዜ ጭጋግ ስላለበት Dehaze +10 ወይም +15 ጨምርበት፣ ከዚያ አታሳልፍ።

ከየት ነው ግን የምታቆመው? እዚህ ላይ ነው ፎቶው ፖስተር የሚሆነው ወይም ቤት የሚሆነው። አብዛኛው ሰው ተራራውን ከሳሎኑ ጋር እኩል ብሩህ ያደርገዋል። በእውነቱ ግን ቤት ውስጥ ቆሞ በመስኮት የሚያይ ሰው ውጭው ከውስጡ እንደሚበራ ያውቃል። እኩል ሲሆን ዓይኑ አያምነውም። መስኮቱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ያህል በልጦ ይቅር። ተራራው ይታይ፣ ሰማዩ ላይ ደመና ይለይ፣ ግን ውጭው ቀን ይምሰል። ባለቤቷ «ጨምር፣ ይበልጥ ይድመቅ» ልትልህ ትችላለች። እዚህ ላይ አንተ ነህ ባለሙያው።

ሌላው ሰው የሚረሳው ወለሉ ነው። ሳሎኑ ሴራሚክ ከሆነ የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ያብለጨልጫል። ቴሌቪዥኑ ላይና የጠረጴዛው መስታወት ላይም እንዲሁ። መስኮቱን 3 ስቶፕ አጨልመህ ወለሉ ላይ ያለውን ነጭ ነጸብራቅ እንዳለ ከተውከው፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ሌላ ማስክ ክፈትና ነጸብራቁን አንድ ስቶፕ ያህል አውርደው። ሙሉ በሙሉ አታጥፋው። ያለ ነጸብራቅ ሴራሚኩ ሴራሚክ አይመስልም።

ላይትሩም ብቻውን የማይበቃበት ቤት አለ። እኛ ጋ በብዛት የሚያጋጥመው ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮት ነው፣ ስስ መጋረጃ ደግሞ ሁለተኛው። እዚያ ፎቶሾፕ ያስፈልጋል። የሞከርከው ማስክ ለምን እንደከሸፈም የሚገባህ እዚህ ጋ ነው።

በረጅሙ ፎቶ ላይ ብረቱን አጉልተህ እየው፣ ከዚያ በ1/125 ፎቶ ላይ ያንኑ ብረት እየው። ውፍረታቸው አንድ አይደለም። በረጅሙ ላይ ከመስታወቱ የሚፈሰው ብርሃን ብረቱን ከሁለቱም ጎን ይበላዋል። ቀጭንና ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በአጭሩ ላይ ወፍራምና ጥቁር ነው። አንተ መስታወቱን ብቻ በጥንቃቄ ቆርጠህ ከጨለማው ፎቶ ስታመጣ፣ ከሥር ያለው የተበላ የብረት ጠርዝ በተራራው ዙሪያ እንደ ነጭ ክር ይቀራል። ፖስተር ያስመሰለው አንዱ ያ ክር ነው። ስለዚህ ማስኩ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ማለቅ የለበትም። ብረቱ ላይ ወጥቶ፣ መሃሉ ላይ ይለቅ። ያኔ ሁለቱም የብረቱ ጠርዞች ከአጭሩ ፎቶ ይመጣሉ፣ የመቀየሪያው መስመርም ማንም በማያየው ጥቁር ቦታ ላይ ይደበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተዋሃደውን ፋይል ከታች፣ የ1/125ን ፎቶ ከላይ ሌየር አድርገህ ክፈት። 1/125ን የመረጥኩት ተራራው በትክክል ከሚፈልገው 1/250 በአንድ ስቶፕ ስለሚበልጥ ነው። ቅድም ያልነው የብሩህነት ልዩነት በራሱ ይመጣልሃል። ሁለቱም ላይ የሌንስ ፕሮፋይል እርማቱ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። አንዱ ላይ በርቶ ሌላው ላይ ከጠፋ፣ ማዕዘን ላይ ያሉት መስመሮች በብዙ ፒክስል ይለያያሉ። መከርከምና የተዘነበለ መስመር ማቃናትም ለመጨረሻ ይቆይ። ከዚያ ፍርግርግ ከሌለው Alt ይዘህ የማስኩን ምልክት ስትጫን ጥቁር ማስክ ይመጣል፣ የላይኛው ሌየር ይሰወራል። በ Polygonal Lasso መስታወቱን ከብረቱ መሃል ጋር ክበበውና ነጭ ሙላበት። Feather ከ0.5 እስከ 1 ፒክስል ይሁን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጭጋጉን ራስህ ሠራኸው ማለት ነው።

ፍርግርግ ካለ አንድ በአንድ መክበብ ሲዖል ነው። የ1/30ን ፎቶ ሦስተኛ ሌየር አድርገህ አስገባው። እዚያ ፎቶ ላይ መስታወቱ ነጭ፣ ብረቱ ግን ገና ጥቁር ነው፣ ማለትም ማስኩን ራሱ ካሜራው ሠርቶልሃል። ያንን ሌየር ብቻ አሳይተህ Ctrl+Alt+2 ስትጫን ብሩህ የሆነው ሁሉ ይመረጣል። ምርጫው እንዳለ ሌየሩን ሰውረው፣ ወደ 1/125 ሂድና ማስክ ጨምርለት። ማስኩ ግራጫ ግራጫ ስለሚሆን እሱን መርጠህ Levels ክፈት፣ ጥቁሩንና ነጩን ወደ መሃል አስጠጋ። ብረቱ ጥቁር፣ መስታወቱ ነጭ ሲሆን አቁም። እስከ ጥግ አትጨምቀው፣ ትንሽ ግራጫ ጠርዝ ይኑረው። ነጭ ግድግዳና የሶፋው ትራስም ስለተመረጡ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሁሉ በጥቁር ብሩሽ ሸፍነው። ስስ መጋረጃም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ እንዲያውም እጥፋቶቹን በእጅ ልታወጣቸው አትችልም።

በመጨረሻ የግድግዳው ውፍረት የሚታይበት የመስኮቱ ጎን አለ። እሱ በተዋሃደው ፋይል ላይ ነጥቶ ሊቀር ይችላል። የ1/30ን ሌየር በጥቁር ማስክ ሸፍነህ፣ በለስላሳ ብሩሽ 30 በመቶ ጥንካሬ ጎኑ ላይ ብቻ ቀባው። ከውስጡ ጨለማ ወደ ውጭው ብርሃን ደረጃ በደረጃ እንዲሸጋገር የሚያደርገው ይሄ ነው። ቀለሙም አይረሳ፦ የመስኮቱ ሌየር ሰማያዊ ከመሰለህ ለእሱ ብቻ ሙቀቱን ትንሽ ጨምር።

አዶቤ መግዛት ካልተመቸህ፣ Hugin ከሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጋር የሚመጣ enfuse አለ። እሱ የኤችዲአር ፋይል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ዘዴ ተከትሎ፣ ከየፎቶው በደንብ የተጋለጠውን ነጥብ እያመዘነ በቀጥታ ያዋህዳል። ፎቶዎቹን ወደ ቲፍ ቀይረህ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርግና፦

```
align_image_stack -m -a salon_ *.tif
enfuse -o salon.tif salon_*.tif
```

ውጤቱ ተፈጥሯዊ ነው፣ ጭጋግም እምብዛም የለውም። መስኮቱ ግን ፈዘዝ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ጂምፕ ውስጥ የመስኮቱን ፎቶ በማስክ ታስገባበታለህ። አንድ ጥንቃቄ አለው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ፎቶዎቹን ስለሚያንቀሳቅሳቸው፣ ማስክ የምታደርገው ዋናውን ሳይሆን ስሙ በ salon_ የሚጀምረውን የተገጣጠመ ፎቶ ነው።

ፍላሽ ካለህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ1/125 ፍላሹን በመስኮቱ ዙሪያ ባለው ግድግዳና ፍሬም ላይ አብርተህ አንድ ፎቶ አንሳ። ተራራው በትክክል ይወጣል፣ ዙሪያው ደግሞ በፍላሹ ይነጣል። ያንን ፎቶ ከተዋሃደው በላይ አስቀምጠህ የሌየሩን ዓይነት Darken ስታደርገው፣ ከሥሩ ካለው የጨለመው ብቻ ይታያል፣ እሱም መስታወቱ ነው። ፍሬሙ በደንብ ከበራ ጥንቃቄ ያለው ማስክ አያስፈልግም፣ መስኮቱን በግምት መክበብ ይበቃል። ጣጣው ፍላሹ መስታወቱ ላይ መታየቱ ነው። ከጎን፣ በሰያፍ አብራው። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ባለበት ቤት ግን አይሞከርም።

ወሰኑንም እወቀው። ፀሐይዋ ራሷ በመስኮቱ ውስጥ ከታየች በስድስት ፎቶም አትይዛትም። የጨረሩ ብትን ሌንሱ ውስጥ ስለሚፈስ ሌላ ሰዓት ተመለስ። ክረምት ላይ እንጦጦ ደመና ከለበሰም የትኛውም ማስክ አያወጣውም። በሌላ ቀን ያነሳኸውን ጥርት ያለ ተራራ አምጥተህ መለጠፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶው ለማስዋብ ሳይሆን ለተከራይ የሚቀርብ ማስታወቂያ ነው። በሌላ መስኮት የተነሳ ዕይታ ከሆነ ደግሞ ማታለል ነው፣ አትግባበት።

ለዚህ ሳሎን የምመክርህ እንዲህ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ፣ መብራት አጥፍተህ፣ መጋረጃ አስረህ ስድስቱን ፎቶ አንሳ። ያለ Auto Align፣ ያለ Deghost አዋህድ። አንድ የላይትሩም ማስክ ለመስኮቱ፣ አንድ ለወለሉ ነጸብራቅ። ፍርግርግ ከሌለ እዚያው ይለቅ፣ ፎቶሾፕ አትክፈት። ከቸኮልክና ባለቤቷ ከፈቀደች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን አጭር ጊዜ መጠቀምም ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ያ ሰዓት ወደ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ መብራቱን ካበራህ ውጭውና ውስጡ ስለሚቀራረቡ አንድ ዙር ሦስት ፎቶ ይበቃሃል። ተራራው ግን ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዛፍና ገደሉ ይታይ ከተባለ ቀኑን ምረጥ።

ጨርሰህ ስታስቀምጠው ፎቶውን ስልክህ ላይ ላከውና በስክሪኑ ስፋት ልክ እየው። ተከራዩም የሚያየው በዚያ ነው። ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ማስኩ ገና ነው። ሳሎኑን አይቶ ከዚያ ወደ ተራራው ከሄደ ላክላት።